ከስክሪኑ በታች ያሉት መስመሮች

ጌታሰው የሚሠራበት ቢሮ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ነው። ፎቁ ሲሠራ መስኮቶቹ በደንብ ስላልገጠሙ ብርዱ በጠርዝ በጠርዙ ይገባል፤ ሰዎቹም ጃኬታቸውን ሳያወልቁ ይውላሉ። ሰዎቹ ማለት ጌታሰው፣ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ብዙም ያልቆየችው መስከረምና ቢሮውን ያቋቋመው እሱባለው ናቸው። ለትምህርት ቤት፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበርና ለጤና ፕሮጀክት ፕሮግራም እየጻፉ ይኖራሉ።

ጌታሰው በፍጥነቱ የታወቀ ነው። እሱባለው እንግዳ ሲመጣበት ከጌታሰው ወንበር ጀርባ ያቆመውና፣ «እስቲ እጁን እዩት» ይላል። ሌላው ሰው መስመር በመስመር እየወረደ የሚያስተካክለውን ጌታሰው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። አንድ ቃል ላይ ይቆምና ኮንትሮልና ዲ የሚባሉትን ቁልፎች ይጫናል፤ ቃሉ ይመረጣል። ደግሞ ሲጫን ቀጥሎ ያለው ተመሳሳይ ቃል ይጨመራል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። በተመረጠው ሁሉ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል አንድ አንድ ጠቋሚ ይቆማል፤ አንዴ ሲጽፍ ሁሉም ጠቋሚዎች እኩል ይጽፋሉ። መስመሮቹ ተደርድረው የተቀመጡ እንደሆነ ደግሞ ኮንትሮልና አልትን ይዞ የታች ቀስቱን ይጫናል፤ ጠቋሚው ወደታች እየተባዛ እንደ ወታደር ይሰለፋል።

መስከረምን ያስተማራት እሱ ነው። ቢሮው በገባች ሰሞን አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ኮንትሮል ሺፍት ኤል የሚባል አለ» ብሏት ነበር። «በፋይሉ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ቃል በሙሉ ባንዴ ይመርጥልሻል። የምታይውንም የማታይውንም። ስለዚህ ፋይሉን ካላወቅሽው አትንኪው። በዲ አንድ አንድ እያልሽ፣ እያየሽ ሂጂ። የማትፈልጊው ከመጣ ኮንትሮል ዩ ብለሽ የመጨረሻውን ትመልሽዋለሽ።»

ይህን በተናገረ ጊዜ ዓይኑ ደህና ነበር። ወይም ደህና ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ ነገሩን ያወቀው በመንገድ ላይ ነው። ከቢሮ ወጥቶ አስፋልቱን ሲሻገር አንድ ባጃጅ ክንዱን ገጭቶት አለፈ። ሹፌሩ አቁሞ፣ «ጋሼ፣ አላየኸኝም እንዴ?» አለው። ጌታሰው አላየውም። ባጃጁ ከጎኑ የመጣ ሳይሆን ድንገት ከአየሩ የወጣ መስሎታል። ከዚያ በኋላ በር ጠርዝ ይገጨው፣ ደረጃ ይስተው፣ የጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ በክርኑ ይገፋ ጀመር። አዲስ አበባ ሄዶ የዓይን ሐኪም አየው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለው፤ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን እየበላ ነው፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ይጠባል። ጠብታው ያለውን ያቆይ ይሆናል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

«በቀዶ ጥገናስ?» ብሎ ጠየቀ ጌታሰው።

«የዓይን ሞራ ቢሆን ኖሮ በቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር» አለው ሐኪሙ። «ይኼ ሌላ ነው።»

ጌታሰው ለባለቤቱ ለአሰገደች ነገራት። ለሌላ ሰው አልነገረም። ጠብታውን በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ይዞ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ይጨምራል። የስክሪኑን ፊደል አገዘፈው። እሱባለው ሲስቅበት፣ «ዕድሜ ነው» አለ። ፊደሉ ሲገዝፍ ባንድ ጊዜ የሚታየው መስመር አነሰ፤ በስተቀኝ የፋይሉን ሙሉ መልክ አሳንሶ የሚያሳየውን ጠርዝም ቦታ ስለሚፈጅበት ዘጋው። እንዲያም ሆኖ ሥራው አልቀዘቀዘም። እጁ መንገዱን ያውቀዋል። ይልቁንም ዓይኑ እየጠበበ በሄደ ቁጥር በአቋራጮቹ ላይ ያለው እምነት እየባሰ ሄደ።

ያስቸገረው ያ ለመስከረም ያስተማራት አካሄድ ነበር። ዲን በተጫነ ቁጥር ስክሪኑ አዲስ ወደተመረጠው ቃል ይዘላል፤ እሱ ደግሞ የት እንዳለ ለማወቅ ራሱን እያዞረ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር መፈለግ አለበት። አንዱን አግኝቶ ሳያበቃ ሌላው ይመጣል። ግንባሩን ያመዋል፤ ልቡም ይዝላል። ቀስ በቀስ ዲን ተወና ሁሉንም ባንዴ መምረጥ ለመደ። ብዙ ጊዜ ምንም አልተፈጠረም።

በዚያ ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት የሐኪሞች ቡድን ለአንድ ሳምንት ወደ ደብረ ብርሃን ሊመጣ ሆነ። የዓይን ሞራ ያለባቸውን የገጠር ሰዎች በነጻ ቀዶ ጥገና ሊያደርግላቸው ነው። ሰዎቹ በየቀበሌያቸው ጤና ኬላ ታይተው ተመዝግበዋል፤ የእነ ጌታሰው ቢሮ ደግሞ በየትኛው ቀን ይምጡ የሚለውን በስልካቸው መልእክት እንዲልክ ተዋውሏል። ጌታሰው ሥራውን ለምኖ ወሰደው። ለምን እንደለመነ እሱባለው አልገባውም፤ ቀላል ሥራ ነበርና።

ፋይሉ ረጅም ነበር። እያንዳንዱ ቀበሌ አንድ መስመር አለው፤ በመስመሩ ላይ ቀኑ በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ፕሮግራሙ ያንን እያየ የአማርኛውን መልእክት ያዘጋጃል። ከላይ የአንኮበር ደጋ ቀበሌዎች፣ ከሥራቸው የመንዝና የሌሎቹ፣ ወደ መጨረሻው የአሊዩ አምባና የአካባቢዋ ቆላ ቀበሌዎች። የአንኮበር ደጋና የአሊዩ አምባ ሰዎች ሁለቱም ሮብ ተመድበው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሐኪሞቹ ጋር የምታስተባብረው ነርስ ሲስተር ምስጋና ደወለች። ሮብ ሰው በዝቷል፤ አይቻልም።

«ደጋዎቹን ወደ ዓርብ እንግፋቸው» አለች። «ቆላዎቹ በሮባቸው ይቆዩ። ዓርብ ጁምዓ ስለሆነ እንዳታደርጉብን ብለው ለምነዋል።»

«ገባኝ» አለ ጌታሰው። «አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ።»

ፋይሉን ከፈተ። የአንኮበር መስመሮች ፊቱ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ጫፍ ሮብ ይላል። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ ነጭ አድርጎበታል። ጠቋሚውን የመጀመሪያው ቃል ላይ አቆመ። ዲን ሁለት ጊዜ ተጫነ፤ ስክሪኑ ተንቀሳቀሰ፤ ሁለተኛውን ፈልጎ እስኪያገኘው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጣቶቹ በለመዱት ሄዱ። ኮንትሮል ሺፍት ኤል። ፊቱ ያሉት ሮቦች በሙሉ ጠቆሩ። ዓርብ ብሎ ጻፈ፤ ፊቱ ያሉት በሙሉ ዓርብ ሆኑ። ከስክሪኑ በታች፣ የማይታዩት የአሊዩ አምባ መስመሮችም አብረው ዓርብ ሆኑ። በስክሪኑ ግርጌ፣ ስንት ቦታ እንደተመረጠ የሚያሳይ ትንሽ ቁጥር ከጠበቀው በላይ ሆኖ ተጽፏል። ያ ግርጌ ለጌታሰው ከጠፋ ሰንብቷል።

አስቀመጠና ለመስከረም ላከላት። በቢሮው ደንብ አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያይ አይወጣም። መስከረም ከፈተችው። የተሰረዘው በቀይ፣ አዲሱ በአረንጓዴ ተደርድሯል። ከላይ ያሉትን የአንኮበር መስመሮች አየች፤ ልክ ናቸው። የጌታሰው ሥራ ነው ብላ ወደታች ሳትወርድ አጸደቀችው። ቅዳሜ መልእክቱ ሄደ።

ሮብ ረፋዱ ላይ ሲስተር ምስጋና ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ከአሊዩ አምባ አንድም ሰው አልመጣም» አለች። «ሐኪሞቹ ጓንት አድርገው ቁጭ ብለዋል። መንገድ ተዘግቶ ነው?»

እሱባለው ወደ አንኮበር ለሚያውቀው ሹፌር ደወለ። መንገዱ ክፍት ነው። መስከረም የፋይሉን የለውጥ ታሪክ ከፈተችና ወደታች መውረድ ጀመረች። ጌታሰው የመዳፊቷን መንኮራኩር ድምፅ ይሰማል። ድምፁ ቆመ።

«ዓርብ ነው የላክንላቸው» አለች።

«ለእነማን?» አለ እሱባለው።

«ለአሊዩ አምባ። ለሁሉም።»

ሥር ካለው መደብር ቆርቆሮ ሲጫን ይሰማል። እሱባለው ለሲስተር ምስጋና መልሶ ደወለ። አሁን ኑ ቢባሉ የሚደርሱት ሲመሽ ነው፤ ሐሙስ ለመንዝ ሰዎች የተያዘ ነው፤ ለቅዳሜ ቡድኑ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሲስተር ምስጋና፣ «ዓርብ ይምጡ እንግዲህ። የሆነውን እናያለን» ብላ ዘጋችው።

እሱባለው ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። መስከረም ወንበሯን ወደ ጌታሰው አዞረች።

«ጋሼ ጌታሰው፣ በኤል ነው የመረጥከው?»

«አዎ።»

«ቁጥሩን ግን አላየኸውም? ከታች ይጽፋል እኮ።»

እሷ እጇን አንስታ በግራ ጆሮው አቅጣጫ ዘረጋች፤ ቀስ ብላ ጣቶቿን አወዛወዘች። ጌታሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ስክሪን እንደተመለከተ ነው። እጇን ወደ ፊቱ እያመጣች፣ እያመጣች፣ አፍንጫው አጠገብ ስትደርስ ደንግጦ ራሱን ወደ ኋላ ሳበ።

መስከረም እጇን አወረደች። ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«መቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ።»

«ለምን አልነገርከንም? እኔ አነብልህ ነበር።»

«ለዚያ ነው ያልነገርኩሽ» አለ ጌታሰው።

እሷም ቀጥላ የተናገረችው ስለ እሱ አልነበረም። «እኔም ወደታች አልወረድኩም» አለች። «ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። ዓይኔ ደህና ሆኖ አላየሁም።»

ዓርብ ጠዋት ጌታሰው ወደ ሆስፒታሉ ግቢ ሄደ። ሂድ ያለው የለም። ጉሙ ገና አልተነሣም፤ ሰዎቹ በጋቢና በሽርጥ ተጠቅልለው ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ ደጋው በአንድ ወገን፣ ቆላው በሌላ ወገን። ብዙዎቹ በሰው ክንድ ተይዘው ነው የቆሙት። የሰዉ ብዛት ከጠበቀው በላይ ነበር። ሐኪሞቹ ምሳ እንኳ ሳይበሉ እየሠሩ ነው አሉ፤ ግን ሁለት ቀን በአንድ ቀን ውስጥ አይገባም። ከሰዓት በኋላ ሲስተር ምስጋና ወጥታ፣ ሁለቱም ዓይናቸው ጨርሶ የጨለመባቸው እንደሚቀድሙ፣ በአንዱ ትንሽም የሚያዩ ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚቆዩ ተናገረች። ይህን ስትናገር አንገቷን ደፍታ ነበር።

ጌታሰው ዞር ሲል አግዳሚ ወንበር ጉልበቱን መታውና ተደናቀፈ። አንዲት አሮጊት እጃቸውን ዘርግተው ልብሱን ያዙት።

«ቀስ በል ልጄ» አሉ። «ተቀመጥ። አንተም ለዓይንህ ነው የመጣኸው?»

ተቀመጠ። አሮጊቷ እማማ ዘሀራ ይባላሉ፤ ከአሊዩ አምባ ናቸው፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ራህመት ናት። የቀኝ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቷል፤ በግራው የሰው ጥላ ይለያሉ። ስለዚህ ይመለሱ ተብለዋል።

«ጁምዓዬን ጥዬ ነው የመጣሁት» አሉ እማማ ዘሀራ። «ስልኩን ልጄ ስታነብልኝ ዓርብ ነው ስትለኝ ገርሞኝ ነበር። አታድርጉብን ብለን ነበር እኮ። እንዲያ ከሆነ ሌላ ቀን የላቸውም ማለት ነው፣ አላህ ይቅር ይለኛል ብዬ ሌሊቱን ዳገቱን ወጣሁ። ከአንኮበርም መኪናው ሞልቶ፣ ቆሜ ነው የመጣሁት።»

ጌታሰው ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ፣ ቀኑ ሮብ ነበር። ዓርብ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ።»

ራህመት ቀና አለች። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት ተሳሳትክ?»

ሊያስረዳት ሞከረ። ሁሉንም ባንዴ የሚቀይር አሠራር እንዳለ፣ ከታች ያሉትን መስመሮች እንዳላየ ነገራት። እየተናገረ ሳለ ቃሉ ለራሱም ባዶ ሆነበት። ራህመት አዳመጠችው፤ አልጮኸችም።

«ከታች ስላለን አላየኸንም» አለች። «እንዲያ ነው የምትለኝ።»

እማማ ዘሀራ የያዙትን ልብሱን ለቀቁት። ከተቀመጡበት ተነሥተው በልጃቸው ክንድ ወደ በሩ ሄዱ፤ ወዲያውም ከጌታሰው ዓይን ጠፉ፤ የት ጋ እንዳሉ ራሱን ወዲህና ወዲያ እያዞረ ቢፈልግ አላገኛቸውም።

ሰኞ ቢሮ ገብቶ ለእሱባለው ሁሉን ነገረው። እሱባለው ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ።

«እኔ እኮ እንግዳ እየጠራሁ አስጎበኝህ ነበር» አለ። «ማየት የማትችለውን ሰው።»

«ፍጥነቱ እውነት ነበር።»

«እሱማ እውነት ነው።»

አላባረረውም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሰው የሚሄድ ነገር በጌታሰው እጅ እንዳይወጣ አደረገ። ጌታሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ የሚጠየቀውን ይመልሳል፤ ስክሪኑን የሚያነብለት ፕሮግራም ጭነውለት ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይለማመዳል። አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ድረስ ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቡድኑ ዳግመኛ እንደሚመጣ ተሰማ። መልእክቱን መስከረም አዘጋጀችው፤ እየደጋገመች አየችው። ጌታሰው ግን ለአሊዩ አምባ ሰዎች በስልክ ብቻ መንገር አይበቃም አለ። ማንም አልተከራከረውም። መስከረም አብራው ሄደች።

በሚኒባስ አንኮበር ድረስ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ቁልቁለቱን ወረዱ። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ጌታሰው ጃኬቱን አወለቀ። የመንገዱን ጠርዝ ገደል መስከረም አየችና ዓይኗን ጨፈነች፤ እሱ አላየውም። አሊዩ አምባ ደርሰው ጠይቀው ጠይቀው የእማማ ዘሀራን ቤት አገኙ። በሩን የከፈተችላቸው ራህመት ናት። ጌታሰውን አወቀችው፤ ግቡ አለች፤ ውሃ ሰጠቻቸው።

እማማ ዘሀራ ከመደቡ ላይ ጀርባቸውን ወደ ግድግዳው አስደግፈው ተቀምጠዋል። የግራ ዓይናቸውም አሁን ነጥቷል።

«ማነው?» አሉ።

«ያ የስልኩ ሰውዬ ነው፣ እማ» አለች ራህመት። «ሐኪሞቹ ሊመጡ ነው ይላል። አሁን ከሁሉ በፊት አንቺ ነሽ።»

«ማክሰኞ ነው፣ እማማ» አለ ጌታሰው። «መኪናም እዚህ ድረስ ይመጣል። እኔ ራሴ መጥቼ እወስድዎታለሁ።»

እማማ ዘሀራ መቁጠሪያቸውን በጣቶቻቸው መሐል ሲያንከባልሉ ቆዩ።

«አልወጣም» አሉ።

«እማ» አለች ራህመት።

«አልወጣም ብያለሁ። አንዴ ወጣሁ። ጁምዓዬን ትቼ ወጣሁ፣ ተመለሺ ተባልኩ። አሁን ጉልበቴም አልቋል። በዚህ ዱንያ የማየው ይበቃኛል። ይልቅ ለሌላው ይስጡት።»

ራህመት እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ ለመነቻቸው። የጎረቤት ሴቶች መጥተው ለመኗቸው። መስከረምም እያለቀሰች ለመነቻቸው። እማማ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ለመሄድ ሲነሡ ራህመት እስከ ውጭ ሸኘቻቸው። «እንደ ድሮዋ አይደለችም» አለች። «ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ልቧ አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም።» ከዚያ ጌታሰውን ክንዱን ይዛ እስከ መኪናው ወሰደችው፤ መንገዱ ድንጋያማ ነውና። ይቅር አልኩህ አላለችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

መኪናው ዳገቱን ሲጀምር ከላይ ጉሙ ወርዶ ጠበቃቸው። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይሄዳል። መስከረም በመስኮቱ በኩል ነጩን እያየች ነበር። ጌታሰው እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ምንም ሳይነካባቸው፣ እስከ አንኮበር ድረስ ተቀመጠ።